ለእህት የመጀመሪያ ቤት የሚነገር ምርቃት

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላት እህት ቁልፏን ተረክባ ስትገባ ቤተሰብ ቤቷን ለመመረቅ ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፤ ዳቦ ተቆርሶ ታላላቆች ይመርቃሉ። ከዚያ የወንድም ተራ ይደርሳል።

የወንድምን ቃል ከሌላው እንግዳ ቃል የሚለየው አብሮ ያደገ ሰው ብቻ የሚያውቀው ትንሽ ትዝታ ነው። «ጎበዝ ነሽ» ማንም ይላታል። «በአንድ ፍራሽ ስንተኛ ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ትገፊልኝ ነበር፤ ዛሬ የራስሽ መኝታ ቤት ኖረሽ፤ እንኳን ደስ አለሽ፣ እህትዓለም» ማለት የሚችለው ግን ወንድሟ ነው። ይህ ትዝታ የሚሠራው ደግነቷን ከአዲሱ ቤት ጋር ስለሚያገናኝ ነው።

አንድ ትዝታ በደንብ ከተነገረ ይበቃል። የቤተሰብን ችግር መዘርዘር ወይም እህት የምታፍርበትን ነገር በእንግዳ ፊት ማንሳት ደስታዋን ያደበዝዛል፤ አንገቷን ስትደፋ ቃሉ መስመር መሳቱ ይታወቃል። የቀረ የባንክ ዕዳዋን መጠየቅም ለሌላ ቀን ይቆያል።

ኮንዶሚኒየም ብዙ ጊዜ ማጠናቀቂያ ሥራው ሳያልቅ ስለሚሰጥ፣ ስጦታ ከመግዛት በፊት የጎደላትን መጠየቅ ይጠቅማል። ንግግሩ በምርቃት ይዘጋል፦ «የሰላም፣ የጤና፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ያድርግልሽ።» ቤተሰቡም «አሜን» ይላል።