ከአንድ በታች ሲባዛ

በከዚራ ከማስተምራቸው የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች አንዲቱ በፈተና ወረቀቷ ላይ የጻፈችው መልስ፣ ይህን ያህል ጊዜ አልፎም ከልቡናዬ ሊወጣ አልቻለም። ጥያቄው የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ 600 ብር ቢሆን 0.75 ኪሎ ስንት ብር ያወጣል የሚል ነበር። ልጅቱ 600ን ለ0.75 አካፍላ 800 ብር ብላ ጽፋለች። አስጠርቼ ምክንያቷን ብጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ከአንድ ኪሎ ስለሚያንስ ዋጋውም ከ600 ማነስ አለበት፤ እንዲያንስ ደግሞ ማካፈል ነው» ስትል ያለ አንዳች ማመንታት መለሰችልኝ። 800 ከ600 ያንሳል ወይ ብዬ ብጠይቃት ወረቀቷን ትክ ብላ አየችና፣ «ነጥቡን አሳስቼው ይሆናላ» ብላ 80 አደረገችው።

ይህች ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀፊራ ገበያ አክስቷን በሽያጭ የምትረዳ ናት። ስለዚህ ደብተሩን አስዘግቼ፣ ደንበኛ መጥቶ ሦስት ሩብ ኪሎ ስጪኝ ቢልሽ ስንት ትቀበያለሽ ብላት፣ «ግማሹ 300፣ ሩቡ 150፤ 450 ብር» ብላ ትንፋሽ ሳትውጥ ነገረችኝ። እንግዲህ ዕውቀቱ ነበራት፤ ዳሩ ግን ከሚዛኑ አጠገብ ያደረገችው ነገር ማባዛት መሆኑን ከቶ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ማባዛት በእርሷ ዘንድ የሚያበዛ ብቻ ነውና።

ይህን እምነት ስንፍና ወይም ድንቁርና እያሉ የሚያወግዙ ባልደረቦች ባጋጠሙኝ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል። ሕፃኑ ማባዛትን የሚማረው ደጋግሞ በመደመር ነው፤ አራት ጊዜ አምስት ማለት አምስትን አራት ጊዜ መደመር ነው ተብሎ ይነገረዋል፤ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዘመኖች ሁሉ የሚሠራቸው መልመጃዎች፣ ዜሮና አንድ ካልገቡባቸው በቀር፣ ብዜቱ ከሁለቱም ቁጥሮች እንደሚበልጥ እየተፈራረቁ ይመሰክሩለታል። ስለዚህ ከብዙ እውነተኛ ምስክሮች አንድ ሕግ ማውጣቱ የማስተዋል እንጂ የስንፍና ምልክት አይደለም። ስሕተቱ የሚመጣው በሙሉ ቁጥሮች አገር የወጣው ሕግ የአስርዮሽን ድንበር ተሻግሮ ሲገዛ ነው።

የችግሩን ሥር ከሁሉ ይልቅ ያጠራልኝ ግን ፊሽባይንና ባልደረቦቹ የጣልያንን ተማሪዎች መርምረው በ1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጡት ጥናት ነው። ተማሪውን የሚያሰናክለው ነጥብ ያለበት ቁጥር መኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ቁጥር የተሰጠው ሥልጣን መሆኑን ያሳያል፤ ተባዢው አስርዮሽ ቢሆን ተማሪው ብዙም አይደናገጥም፤ አብዢው አስርዮሽ ሲሆን ግን መሬቱ ይከዳዋል፤ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ መደመር ይቻላልና፣ 0.75 ጊዜ ግን እንዴት ይደመራል?

አንባቢ ይህን በራሱ ተማሪዎች ላይ ሊፈትነው ይችላል። አንዱ ከረጢት 0.75 ኪሎ ጨው ቢይዝ 600 ከረጢት ስንት ኪሎ ይይዛል ብሎ ይጠይቅ። ከቡናው ጥያቄ ጋር ቁጥሮቹም አንድ ናቸው፣ መልሱም ያው 450 ነው፣ 450ም ከ600 ያንሳል፤ ሆኖም ቡናው ላይ ያካፈለው ተማሪ ጨው ላይ ያለ ጭንቀት ያባዛል። ምክንያቱም እዚህ ዓይኑ ያረፈው በከረጢቱ ላይ ነው፤ ከ0.75 ተነሥቶ 450 ደረሰ፣ ብዜቱም አደገለት። በቡናው ግን ዓይኑ 600 ላይ ነበር። እንግዲህ «ያድጋል» ሲል ከምን እንደሚያድግ ሳይጠየቅ መኖሩ የስሕተቱ ዋና መሸሸጊያ ነው።

እኔን በእውነት የሚያሳዝነኝ ግን የተማሪው እምነት ሳይሆን የመምህሩ ምክር ነው። በየዓመቱ ወደ እኔ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ «መልሱ መብዛት ካለበት አባዛ፤ ማነስ ካለበት አካፍል» የሚል ቃል በደብተራቸው ጀርባ እንደ ቀኖና ጽፈው ይዘው ይመጣሉ። ምክሩ ለሙሉ ቁጥር ስለሚሠራ ነው አደገኛነቱ፤ በአምስተኛ ክፍል ውጤት ያስገኛል፣ በሰባተኛ ክፍል ይቀብራል። ነጥብ የማስቀመጥ ልምምድም ይህን አያድነውም፤ 0.5 × 0.5 ቢሰጡት 0.25 ብሎ በትክክል የሚሠራ ልጅ፣ የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ተመልሶ ያካፍላል፤ ይህ ንባቡን አጥርቶ ትርጓሜውን ያልደረሰበት የቆሎ ተማሪ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ስሌቱን እከለክላለሁ። የቡናውን ጥያቄ፣ ቃሉን ሳልለውጥ፣ በ3 ኪሎ፣ በ2 ኪሎ፣ በ1 ኪሎ፣ ከዚያም በ0.75 ኪሎ በአንድ ገጽ ላይ እሰጥና፣ መልሱን ሳይሆን የሚጠቀሙበትን ምልክት ብቻ እንዲጽፉ አዛለሁ። ሦስት ጊዜ ያባዛ ተማሪ በአራተኛው ላይ ምልክቱን ሲቀይር ይታያል። ሚዛኑም ሻጯም ዋጋውም ሳይለወጡ ሥራው ለምን ተለወጠ የሚለው ክርክር፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ከምሰብከው ይልቅ ያን እምነት ያፍረከርከዋል፤ ይልቁንም ከ1200 ወደ 600፣ ከ600 ወደ 450 የሚወርደውን ዋጋ ራሳቸው በተርታ ሲጽፉት።

ሁለተኛው በካልኩሌተር የሚሠራ ነው፤ የስልክ ካልኩሌተርም ይበቃል። በ37 ይጀመራል፤ የማባዣውን ምልክት ብቻ በመጠቀም ከ100 በላይና ከ101 በታች የሆነ ቁጥር ላይ መድረስ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ መመለስና ማጥፋት ክልክል ነው፤ የሚባዛውም በመስኮቱ ላይ የቀረው ቁጥር ነው። ልጆቹ በ3 ያባዙና 111 ላይ ይደርሳሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል፤ አልፈዋልና፣ መመለሻው መንገድም በእምነታቸው ዘንድ የለም። ማካፈል ይፈቀድልን ብለው ይማጠናሉ፤ አልፈቅድም። ከዚያ አንዱ በ0.9 ይሞክርና 99.9 ያገኛል፤ በእርሱ ተስፋ ያገኘው ጎረቤቱ ከ111 ተነሥቶ በ0.91 ያባዛና 101.01 ያገኛል፤ በመጨረሻም በ0.905 አባዝቶ 100.455 ላይ የሚደርስ ይገኛል። ይህን ያገኘ ልጅ ማባዛት ያሳንሳል የሚለውን ከእኔ አልሰማም፤ ለማሳነስ ፈልጎ ራሱ አባዛ።

ነገር ግን እዚህ የሚያቆም መምህር አንዱን ስሕተት በሌላው ለውጦ ይሄዳል፤ ብዙ ልጆች ከዚህ በኋላ «ነጥብ ካለበት ያሳንሳል» የሚል አዲስ እምነት ይይዛሉና። ስለዚህ በማግሥቱ 8 × 1.05 ከ8 ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብዬ ሳያሰሉ እጠይቃለሁ፤ «ያንሳል» የሚሉት ቀላል ቁጥር አይደሉም። ለአዎንታዊ ቁጥሮች ድንበሩ ነጥቡ ሳይሆን 1 መሆኑን ከዚያ ወዲያ ነው የሚያዩት። አሉታዊ ቁጥሮች ሲመጡ ደግሞ ይህም ድንበር ይናወጣል፤ −5 በ3 ሲባዛ −15 ይሆናል፣ −15ም ከ−5 ያንሳል። በዚያ ክፍል እንደ አዲስ መጀመር ይገባል እንጂ ትናንት አስተምሬዋለሁ ማለት አይበቃም።

በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ «ማነስ ካለበት አካፍሉ» የሚለውን ምክር ከሰሌዳችሁ አንሡልኝ፤ በምትኩም የቡናውንና የጨውን ጥያቄ በአንድ ገጽ ላይ ስጡና ምልክታቸውን ብቻ ሰብስቡ።