የዝቅተኛ ውጤት ቦታ በምስጋና ደብዳቤ ውስጥ

በስፖንሰር የምትማር አንዲት ተማሪ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳለች እንበል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ4.0 ነጥብ ያገኘችው 2.2 ነው፤ ሒሳብ ዲ ሆኖባታል። በሁለተኛው 3.0 አመጣች። በየሴሚስተሩ 15 ክሬዲት አወር ስለወሰደች የዓመቱ ድምር 2.6 ይሆናል። አሁን ውጭ አገር ላሉት ስፖንሰሯ ደብዳቤ ልትጽፍ ነው።

3.0ን ብቻ ብትጽፍ ውሸት አልተናገረችም። ነገር ግን ብዙ ስፖንሰሮች የውጤት ወረቀት ኮፒ ይጠይቃሉ፤ ዲዋ እዚያ ላይ ትታያለች። ያን ጊዜ ስፖንሰሯ የሚያዝኑት በዲዋ ሳይሆን በመደበቋ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው በምስጋና ይጀምር፤ ምስጋናው ግን ገንዘቡ ምን እንደሠራ ያሳይ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ከማለት ጋር እንዲህ ማከል ይቻላል፦ «በላኩልኝ ገንዘብ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ድሮ የቤት ሥራዬን ለመጻፍ ላይብረሪ ወረፋ እጠብቅ ነበር፤ አሁን ማታ ዶርም ሆኜ እጨርሳለሁ።»

ቀጥሎ ውጤቱ ሳይሸራረፍ ይቅረብ፦ «በመጀመሪያው ሴሚስተር 2.2፣ በሁለተኛው 3.0 አግኝቻለሁ፤ ድምሩ ከ4.0 ነጥብ 2.6 ነው። ሒሳብ ዲ የሆነብኝ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ መከታተል አቅቶኝ ሳለ መምህሩን ለመጠየቅ ስላፈርኩ ነው። ከዚያ በኋላ ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ማጥናት ጀመርኩ።» እዚህ ላይ ምክንያቱና የተወሰደው እርምጃ አንድ ላይ ተነግረዋል። «ትምህርቱ ከባድ ነበር» ቢባል ግን ስፖንሰሯ ምን እንደተለወጠ ማወቅ አይችሉም።

ዓመተ ምህረቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «በመስከረም 2016 ገባሁ» የሚለው ሲተረጎም እንዳለ ከተቀመጠ፣ ፈረንጁ አንባቢ የሰባት ዓመት ስህተት ይሠራል፤ በእነሱ አቆጣጠር ጊዜው 2023 ነው። ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል።

ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስፈልግ ከሆነ ጥያቄው በሌላ ደብዳቤ፣ መሐል ያለ ድርጅት ካለም በእሱ በኩል ይቅረብ። ከዲዋ አጠገብ የገንዘብ ጥያቄ ከተቀመጠ፣ በግልጽ የተነገረው ውጤት ልመናን ለማጠናከር የገባ ይመስላል።

ከሁሉም በላይ የሚረዳው ደብዳቤውን እስከ ሐምሌ አለማቆየት ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት እንደወጣ አጭር መልእክት ቢደርሳቸው፣ ስፖንሰሯ ወይም ድርጅቱ አስጠኚ የሚገኝበትን መንገድ ሊፈልጉ ይችላሉ። ዓመቱ ካለቀ በኋላ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ያለፈውን ያስረዳ እንደሆነ እንጂ ውጤቱን አይለውጠውም።