እሺ ሳልል ሲቪዬ አይላክ

አቀስታ የሚኖር የሂሳብ ባለሙያ ሲቪውን በቴሌግራም ለአዲስ አበባ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ሲልክ፣ በእሱ ሐሳብ ሰነዱን የሰጠው እንዲያነቡት ነው። ኤጀንሲው ግን ብዙ ጊዜ «ወደፈለጋችሁት አዙሩት» እንደተባለ ይቆጥረዋል። ችግሩን የሚፈጥረው ይህ አለመግባባት ነው፤ ጉዳቱም በአብዛኛው ለባለሲቪው ሳይታይ ያልፋል። እንበልና ባለሙያው ሰኞ ዕለት ኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ ፋብሪካ በራሱ አመለከተ። ረቡዕ ኤጀንሲው ይኸንኑ ሲቪ ከሌሎች አሥር ጋር አድርጎ፣ በራሱ ማኅተም፣ ለዚያው ፋብሪካ ላከ። በፋብሪካውና በኤጀንሲው ውል መሠረት፣ ኤጀንሲው ያቀረበው ሰው ከተቀጠረ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ይከፈለዋል እንበል። መደቡ 15,000 ብር የሚከፈልበት ከሆነ፣ ያንን ሰው መቅጠር ወይ 15,000 ብር ተጨማሪ ወጪ ነው፣ ወይ «መጀመሪያ ያቀረብኩት እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ግን ክርክር የሌለበት፣ ብቃቱም ተቀራራቢ የሆነ ሌላ አመልካች አለ። ኃላፊው የትኛውን እንደሚያነሣ መገመት አይከብድም። ባለሙያው የሚያውቀው አለመጠራቱን ብቻ ነው።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ሌላም መልክ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአገር ውስጥ የሚሠራ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል እንዲሠራ ያስቀምጣል። ስለዚህ ደንበኛው ድርጅቱ ነው፤ ሲቪው የኤጀንሲው ሸቀጥ ይሆናል ማለት ነው። ከኤጀንሲዎቹ አንዳንዶቹ አገናኝተው ይወጣሉ፤ ሌሎቹ ሠራተኛውን በራሳቸው ስም ቀጥረው ለድርጅቱ ያቀርባሉ። በራስዎ ቢያመለክቱ የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ ሊሆኑበት የሚችሉት በር፣ ሲቪዎ በአቅራቢ በኩል ቀድሞ ከገባ የኤጀንሲው የኮንትራት ሠራተኛ የሚሆኑበት በር ሊሆን ይችላል። ሲቪዎን ከመላክዎ በፊት «የምቀጠረው በማን ስም ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ክልከላው አጭር፣ ጨዋና በጽሑፍ የሰፈረ ቢሆን ይበቃል፦ «ሲቪዬን የላክሁልዎ እርስዎ እንዲያዩት ነው። የድርጅቱን ስምና የሥራ መደቡን ነግረውኝ በጽሑፍ እሺ ሳልል ለማንም እንዳይላክ እጠይቃለሁ። ዝምታዬ ፈቃድ አይደለም።» የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ከአቀስታ ወይም ከመካነ ሰላም ለሚጽፍ ሰው ይበልጥ ታስፈልጋለች፤ ኔትወርክ ጠፍቶ መልእክቱ ሳይነበብ ቢያድር ዝምታው እንደ እሺታ እንዳይወሰድ። አንድ ስሕተት ግን ላንሣ፦ እስካሁን ያመለከቱባቸውን ድርጅቶች ዝርዝር አስቀድመው አይስጡ። ዝርዝሩ ለኤጀንሲው የትኛው ድርጅት ክፍት ቦታ እንዳለው የሚጠቁም መረጃ ነው። እሱ ስሙን ይጥራ፤ እርስዎ «እዚያስ አመልክቻለሁ» ይበሉ። በሲቪው ግርጌም ቀኑንና «ይህ ቅጂ ለዚህ ኤጀንሲ ብቻ» የሚል መስመር ከነስሙ ቢጨምሩ፣ ሰነዱ ያለፈቃድ ወጥቶ ሲገኝ ከማን እጅ እንደወጣ ይለያል። እርግጥ መስመሩን መፋቅ ይቻላል፤ ግን የሚፍቅ ሰው አውቆ እንዳደረገው ራሱ ይመሰክራል።

«ሥራ ፈላጊ በበዛበት አገር ይህን ያለ ሰው ይዘለላል» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ትናንት ለተመረቀ፣ ገና የትም ላላመለከተ ወጣት ሲቪው መበተኑ የሚያስከፍለው ዋጋ አነስተኛ ነው፤ እሱ ጥንቃቄውን ቢያላላው አልፈርድበትም። ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ሚዛኑ ይለያል። ሲቪው ሲዞር አለቃው ወይም የአለቃው ወዳጅ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ደሴና አቀስታ መካከል ደግሞ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ኤጀንሲው ገንዘቡን የሚያገኘው ሰው ሲቀጠርለት እስከሆነ ድረስ፣ ለተስማሚ እጩ አንድ የስልክ ጥሪ ማድረግ አይከብደውም።

ኤጀንሲዎቹም የራሳቸው ተገቢ ፍርሃት አላቸው፦ የድርጅቱን ስም የሰማ እጩ በጎን ሄዶ ሊያመለክት ይችላል። መልሱ ስሙን መደበቅ ሳይሆን መተማመኛ መስጠት ነው። «ስሙን ከነገሩኝ በኋላ ለዚያ መደብ ለሦስት ወር በሌላ መንገድ አላመለክትም» ብሎ መጻፍ እጩውን ብዙ አያጎድልበትም፤ ለኤጀንሲው ግን ስሙን የሚናገርበት ምክንያት ይሰጠዋል። ይህም ቀርቦለት ስሙን የማይናገር ኤጀንሲ ክፍት ቦታው በእጁ ላይኖር ይችላል፤ ሲቪ ሰብስቦ ድርጅት የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

መከልከሉ ሕጋዊ መሠረትም አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብን መረጃ በፈቃድ ላይ ተመሥርቶ የሚጠቀም ሰው ፈቃዱ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ መሆኑን እንዲያከብር ያደርጋል፤ የተሰጠ ፈቃድም ሊነሣ ይችላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሆኖም አቤቱታ የተላከ ሲቪን አይመልስም። ስለዚህ ከማያውቁት ድርጅት «ሲቪዎ ደርሶናል» ተብሎ ከተደወለልዎ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በማን በኩል፣ በየትኛው ቀን?» ነው። ከዚያ ለድርጅቱ «ይህ ኤጀንሲ በእኔ ስም እንዲያቀርበኝ አልፈቀድሁም፤ በራሴ ያመለከትኩት በዚህ ቀን ነው» ብሎ በዚያው ቀን መጻፍ ነው፤ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ካሉት ሁለት ቅጂዎች አንዱን ያለ ስጋት ወደ ጎን የሚያደርግበት ወረቀት ያገኛል።