ርዕሱን የረሳነው የጠፈር ታሪክ በምን ይታወቃል?

«ከብዙ ዓመት በፊት ያነበብኩት ተከታታይ ልብ ወለድ ነበር። የጠፈር መርከቡ ሠራተኞች አንበሳ የሚመስሉ ፍጡራን ናቸው፤ አብሯቸው አንድ ሰው ይጓዛል። ጥቁር የለበሱ፣ አፋቸው ሾጠጥ ያለ ክፉዎች በየመጽሐፉ ያሳድዷቸዋል። ርዕሱም ደራሲውም ጠፍቶብኛል።» የሳይንስ ልብ ወለድ አንባቢዎች በተሰበሰቡበት ቦታ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠፋም። ጥያቄው ጭብጥ የማይሞላ ይመስላል፤ ነገር ግን በአግባቡ ከተመረመረ ብዙ ጊዜ መልስ ያገኛል።

በመጀመሪያ ከተነገረን ውስጥ የትኛው የሚታመን፣ የትኛው የሚጠረጠር እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የካምብሪጁ የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት፣ እንግሊዛውያን አንባቢዎች የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት አንብበው በተለያየ ጊዜ እንዲደግሙት አድርጎ ነበር። ተረቱ በተደገመ ቁጥር ለአንባቢዎቹ እንግዳ የሆነው ነገር እየተጣለ ወይም በሚያውቁት እየተተካ ሄደ፤ ታንኳው እንኳ ተራ ጀልባ ሆነ። የጠፈር ልብ ወለድም ይኸው ዕጣ ይደርስበታል። ስለዚህ የምናውቀውን ዓለም የሚመስለው ዝርዝር፣ ለምሳሌ «ጀግናው ሰውየው ነበር» የሚለው፣ አእምሮ በኋላ የሞላው ሊሆን ይችላል። ማንም ከራሱ ሊያመጣው የማይችለው ያልተለመደ ዝርዝር ግን ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፉ የመጣ ነው።

በዚህ ሚዛን ስናየው የመርከቡ ሠራተኞች ዝርዝር ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ቆራጥ አዛዥ፣ ልምድ ያለው አብራሪ፣ ገና ጀማሪ ወጣት፣ ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ በብዙ የጠፈር ታሪክ ውስጥ አሉ። ሠራተኞቹ ሰፈሩን ያሳዩናል፤ ቤቱን የሚያሳየን ግን በየክፍሉ የሚመላለሰው ባዕድ ፍጡር ነው። ምን ይመስላል ከሚለው ይልቅ እንዴት ይኖራል፣ ምንስ ይፈልጋል የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ ሁለት ደራሲዎች የሚገጣጠሙት ከስንት አንዴ ነው።

አሁን ወደ አንበሶቹ እንመለስ። በእንግሊዝኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ውስጥ የድመት ዘር የሚመስሉ ባዕዳን ብዙ ናቸው። ብዙ አንባቢ ቀድሞ የሚጠራው የላሪ ኒቨንን ክዚኖች ነው። እነዚህ ኒቨን እ.ኤ.አ. በ1966 በአጭር ልብ ወለድ ያስተዋወቃቸው ግዙፍ ተዋጊዎች ናቸው። «ሪንግዎርልድ» በተባለው የ1970 መጽሐፉ ውስጥም አንድ ክዚን ከሁለት ሰዎችና ሁለት ራስ ካለው ሌላ ባዕድ ጋር ይጓዛል። መርከብ አለ፣ ድመት መሰል ፍጡር አለ፣ ሰውም አለ። ለችኩል መላሽ ይህ በቂ ይመስላል።

የሚለየው ጥያቄ «የመርከቡ አንበሶች ወንዶች ናቸው ወይስ ሴቶች?» የሚል ነው። በክዚኖች ዘንድ ወደ ጠፈር የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቻቸው የማሰብ ችሎታቸው እጅግ ዝቅ ያለ ተደርገው ተስለዋል። ጠያቂው «ሁሉም ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶቻቸው ቤት ይቀራሉ» ካለ ግን ነገሩ ፍጹም ተገለበጠ። ያኔ የምንደርሰው በአሜሪካዊቷ ደራሲ ሲ. ጄ. ቼሪ የቻኑር ተከታታይ ላይ ነው።

የዚህ ተከታታይ የመጀመሪያ መጽሐፍ የወጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንበሳ መሰሎቹ ሃኒ ይባላሉ። የንግድ መርከባቸው «የቻኑር ኩራት» ትባላለች፤ አዛዧ ፒያንፋር ስትሆን ወጣቷ ሂልፊ የእህት ወይም የወንድም ልጇ ናት። የጠፈር ተጓዦቹ ጆሯቸውን በቀለበቶች ያስጌጣሉ። ወንዶቻቸው ቁጡና ለጉዞ የማይመቹ ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ከምድራቸው አይወጡም። ታሪኩ የሚጀምረው ተሊ የተባለ ሰው ከአሳዳጆቹ አምልጦ፣ ራቁቱንና ቆስሎ፣ የማንንም ቋንቋ ሳያውቅ መርከቧ ውስጥ ሲገባ ነው። በእነሱ ዘንድ ከዚያ በፊት ያልታየው ባዕድ እሱ ነው፤ ነገሩን የምናየውም በፒያንፋር ዓይን ነው። ጠያቂው «ጀግናው ሰውየው ነበር» ቢል እንኳ ይህን መጽሐፍ መጣል የማይገባን ለዚህ ነው።

ማረጋገጫውን የሚሰጡት አሳዳጆቹ ናቸው። ኪፍ ይባላሉ፤ ረዣዥም፣ ጥቁር ካባ የለበሱ፣ አፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ የአሞኒያ ጠረን ያላቸው፣ ሕያው እንስሳ የሚበሉ ናቸው። ይህ መልካቸው ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሰ ክፉ ደግሞ በሌላ ታሪክም ይገኛል። የኪፎች ልዩ ጠባይ ሁሉን ነገር በኃይልና በተሰሚነት መመዘናቸው ነው። መሪያቸውን የሚከተሉት ብርቱ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ የደከመ ዕለት ከድተው ለአሸናፊው ያድራሉ፤ በዚህም ምንም ነውር አይታያቸውም። ወዳጅነት የሚባለውን ነገር ፒያንፋር ለአንድ ኪፍ ማስረዳት ሲቸግራት የሚያስታውስ አንባቢ፣ ሌላ ተከታታይ አንብቦ ነበር ለማለት ይከብዳል።

እዚህ ላይ ጠያቂውን የምናናግርበት መንገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ሙከራ፣ የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ሰዎች ግጭቱን ይበልጥ ኃይለኛ በሚያስመስል ቃል ሲጠየቁ፣ ከሳምንት በኋላ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አየን የማለት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ «አሞኒያ አይሸቱም ነበር?» ብሎ መጠየቅ ማስረጃን ማበላሸት ነው፤ ጠያቂው ቅን ሆኖ «አዎ፣ አሁን ትዝ አለኝ» ሊል ይችላል። የሚሻለው «ጣቢያው ላይ ሌላ ማን ነበር?» ብሎ መተው ነው። በቻኑር ዓለም ውስጥ ሚቴን የሚተነፍሱ ፍጡራን የጣቢያዎቹ የተለየ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ከእነሱ መካከል ክን የሚባሉት የተጠላለፈ ጥቁር ፀጉር ክምር የሚመስሉና ለመግባባት እጅግ የሚያስቸግሩ ናቸው፤ የሚፈልጉትን ዕቃ አንስተው በምትኩ ሌላ ትተው ይሄዳሉ። ጠያቂው ይህን ሳይነገረው ካነሳ ጥርጣሬው አበቃ።

የተከታታዩ ስም ከታወቀ በኋላም የትኛው መጽሐፍ የሚለው ይቀራል። የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 የወጡት ሦስቱ ግን የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው፤ የመጀመሪያቸው ሂልፊና ተሊ በኪፍ እጅ ወድቀው ሳለ ይቋረጣል። «መጨረሻው አልነበረውም» የሚል አንባቢ ያነበበው ምናልባት ይህን ነው። የፒያንፋር ባል ኪም በመርከቧ ላይ ሲሠራ የሚያስታውስ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ይዟል። አዛዧ ሂልፊ ራሷ ከሆነች ደግሞ የሚፈለገው የ1992ቱ አምስተኛ መጽሐፍ ነው።

መልሱ «ቻኑር አይደለም» የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጠያቂው የሚያነሳቸው ዝርዝሮች ግማሹ ከኒቨን፣ ግማሹ ከቼሪ ከሆኑ ሁለት መጽሐፍ በአንድ ትዝታ ተቀላቅለውበታል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን አንዱን ርዕስ በግድ ከማስማማት ሁለቱንም ሰጥቶ የየመጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፍ እንዲያነብ ማድረግ ይሻላል። ተሊ ወደ መርከቧ ሮጦ የሚገባው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለሆነ፣ የቻኑር አንባቢ ከሆነ ለመለየት ብዙ ማንበብ አይጠበቅበትም።