ከፍርድ ቤት ውሳኔ የግዴታና የቀነ ገደብ ዝርዝር ማውጣት

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች የሚሰጥ የፍትሐ ብሔር ውሳኔ ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍል አለው። «ፍርድ» የሚለው ክፍል የተከራካሪዎችን ቃል፣ ማስረጃውንና የዳኛውን ምክንያት ይዘረዝራል። «ውሳኔ» የሚለው ማን ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ በተራ ቁጥር ያስቀምጣል። በመጨረሻ የሚመጣው «ትእዛዝ» ግልባጭ ለማን እንደሚተላለፍና ቀድሞ የተሰጠ ዕግድ ካለ ምን እንደሚሆን ይናገራል። የግዴታ ዝርዝር የሚወጣው ከሁለቱ የኋላ ክፍሎች ነው። በፍርዱ ሐተታ ውስጥ «ኃላፊነት አለበት» ተብሎ በውሳኔው ያልተደገመ ነገር ለብቻው ሊፈጸም የሚችል ትእዛዝ አይሆንም። ሆኖም ሐተታው መነበብ አለበት፤ በውሳኔው «ከላይ የተገለጸው ገንዘብ» የሚል ሐረግ ሲመጣ መጠኑ የሚገኘው እዚያ ነው።

ለማሳያ አንድ የኪራይ ክርክር እንውሰድ። ከሳሽ አከራይ፣ 1ኛ ተከሳሽ ተከራይ፣ 2ኛ ተከሳሽ ደግሞ የተከራዩ ዋስ ናቸው። ውሳኔው የተሰጠው ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። 1ኛ ተከሳሽ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀናት ውስጥ ቤቱን እንዲያስረክብ፤ ሁለቱ ተከሳሾች ያልተከፈለ ኪራይ 180,000 ብር፣ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ተከፍሎ እስኪያልቅ ከሚታሰብ 9 በመቶ ወለድ ጋር በአንድነትና በነጠላ እንዲከፍሉ፤ ከሳሽ ደግሞ ቤቱን በተረከበ በ15 ቀናት ውስጥ የያዘውን ማስያዣ እንዲመልስ ይላል።

ዝርዝሩ ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ግዴታ የራሱ መስመር ይኖረዋል፤ ከጎኑም የውሳኔው ተራ ቁጥርና ቃሉ እንዳለ ይገለበጣል። በራስ አባባል ማሳጠር አደገኛ ነው። በማሳያው «ተከሳሾች ቤቱን ያስረክቡ፣ ኪራይም ይክፈሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ዋሱን ያልታዘዘውን እንዲያስረክብ አድርጎታል። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን የተወ ደግሞ ዋሱ ግማሹን ብቻ የሚከፍል ያስመስላል፤ ከሳሽ ግን ሙሉውን ዕዳ ከዋሱ ብቻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በየመስመሩ ማን፣ ለማን፣ ምን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ የሚሉት ይሞላሉ።

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ውሳኔው የተሰጠበት ዕለት ሳይቆጠር ከሐምሌ 26 ሲጀመር የሐምሌ 5 ቀን፣ የነሐሴ 30፣ የጳጉሜ 5፣ የመስከረም 5 ተደምረው 45 ይሆናሉ። የመጨረሻው ቀን መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። «አንድ ወር ተኩል» ብሎ ጳጉሜን የዘለለ ሰው መስከረም 10 ላይ ይደርሳል፤ በእነዚያ 5 ቀናት ውስጥ የአፈጻጸም ክስ ሊከፈትበት ይችላል። ጳጉሜ 6 በሚሆንበት ዓመት ልዩነቱ በአንድ ቀን ይሰፋል።

የማስያዣው መስመር ገና ቀን የለውም። መነሻው ርክክቡ ስለሆነ «ከርክክብ በኋላ 15 ቀን» ተብሎ ክፍት ይቆያል፤ ቁልፉ ነሐሴ 12 ከተሰጠ የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 27 ይሆናል። በዚህ ምክንያት የርክክቡ ቀን የሁለት ሰዎችን ግዴታ ይነካል። ሁለቱም የሚፈርሙበት የርክክብ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ 15ቱ ቀናት መቼ እንደጀመሩ ማስረዳት ያዳግታል።

የገንዘቡ መስመር ደግሞ የመክፈያ ቀን አልተቀመጠለትም። ይህ ጊዜ ተሰጥቷል ማለት አይደለም፤ የፍርድ ባለመብቱ አፈጻጸም መጠየቅ ይችላል፣ ወለዱም አይቆምም። በ180,000 ብር ላይ 9 በመቶ በዓመት 16,200 ብር፣ በቀን 44 ብር ከሳንቲም ነው። በዝርዝሩ ላይ የአንድ ቀን ድምር ከመጻፍ ይልቅ የወለዱን መነሻ ቀንና የቀኑን መጠን መያዝ ይሻላል፤ ክፍያው በሚፈጸምበት ዕለት ሒሳቡ ይዘጋል። ደረሰኙም ከመስመሩ ጋር ይያያዛል።

የውሳኔው ቃል አሻሚ ከሆነ ክፍተቱን በግምት መሙላት አይገባም። የጽሕፈት ወይም የሒሳብ ስህተት ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲያርመው በማመልከቻ ይጠየቃል፤ እስከዚያው መስመሩ «ያልተጣራ» ተብሎ ይቆያል።

ይግባኝ በዝርዝሩ ለብቻው ይመዘገባል፤ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ሲሆን፣ ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን አፈጻጸሙን አያግድም። የሚያግደው የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲደርስ የሚመለከታቸው መስመሮች አይሰረዙም፤ «ታግዷል» ተብሎ ቀኑ ይጻፍባቸዋል፤ ዕግዱ ከተነሳ ግዴታው እንደገና ይጸናል።