መዳብ ወረደ ማለት ቱቦው ረከሰ ማለት አይደለም

የመዳብ ዋጋ በለጠፍኩ ቁጥር ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ አንድ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል፤ «የቤቴን የውሃ መስመር ልቀይር ነው። መዳብ እስኪወርድ ልጠብቅ ወይስ በፔክስ ልገላገል? ሲፒቪሲስ?» አዲስ አበባ ያላችሁ ክርክራችሁ ይበልጥ ስለ ፒፒአር ስለሆነ የዛሬው በተለይ ለአሜሪካኖቹ ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንይ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2025 አሜሪካ በመዳብ ቱቦና መሰል ውጤቶች ላይ 50 በመቶ ታሪፍ ስታስታውቅ፣ የተጣራውን መዳብ ነፃ አደረገችው። የኒውዮርክ የመዳብ ዋጋ በአንድ ቀን 20 በመቶ ገደማ ወደቀ። ታሪፉ ግን የተጣለው ቱቦው ላይ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀይ ቀስት አይቶ ሱቅ መሮጥ አያዋጣም።

ደግሞስ ቤት ውስጥ ስንት መዳብ ይገባል? ሁለት መታጠቢያ ያለው የአንድ ወዳጄን ቤት እንውሰድ። 100 ጫማ ባለ ሦስት ሩብ ኢንችና 200 ጫማ ባለ ግማሽ ኢንች ያስፈልገዋል። ኤል የሚባለው ዓይነት በጫማ 0.455 እና 0.285 ፓውንድ ይመዝናል። ተደምሮ 102 ፓውንድ ገደማ ነው። መዳብ በፓውንድ አንድ ዶላር ቢወርድ በብረቱ የሚተርፈው 102 ዶላር ብቻ ነው። ግድግዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው በአንድ ቀን ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ምርጫውን ለውሃው፣ ለሙቀቱና ቱቦው ለሚያልፍበት ቦታ ተዉት።

መዳብ ሙቀት ይችላል፣ ፀሐይም አይጥም አያሸንፉትም። ጠላቱ ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሜሪላንድ ሰፈሮች የመዳብ ቱቦዎች እንደ መርፌ ቀዳዳ እየሆኑ ማፍሰስ ጀምረው ነበር። ከዚያ የቱቦውን ውስጠኛ ገጽ የሚጠብቅ ኦርቶፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር ውሃው ላይ መጨመር ተጀመረ። የራሳችሁ ጉድጓድ ያላችሁ ግን ይህ ጥበቃ የላችሁም። ገንዳው ላይ አረንጓዴ ሰማያዊ እድፍ ካያችሁ ውሃው አሲዳማ ሊሆንና መዳቡን እየበላ ሊሆን ስለሚችል፣ ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ።

ሲፒቪሲ የሚያጓጓው የሚጠይቀው መሣሪያ ትንሽ መሆኑ ነው፤ መቁረጫና ለእሱ የተሠራው ማጣበቂያ ይበቃል። ችግሩ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ውስጡ ውሃ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይሰነጠቃል። ዘይት፣ አንዳንድ የምስጥ መድኃኒትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ሲነካውም ቀስ ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ሽቦ ከሚያልፍበት አጠገብ ማሰር አይመከርም።

ፔክስ ይታጠፋል። በወዳጄ ቤት ሚዛን የደፋው ይኸው ነው፤ ግድግዳው ብዙ ሳይፈርስ ረጅሙን ቱቦ ስቦ ማሳለፍ ይቻላል፣ መገጣጠሚያውም ይቀንሳል። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ የፔክስ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ የባለ ግማሽ ኢንቹ የውስጥ ስፋት ከመዳቡ አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ሁለት ሰው በአንዴ ሻወር የሚወስድበት ቤት ከሆነ ዋናውን መስመር በባለ ሦስት ሩብ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ሲነካው ይረዝማል። 10 ሜትር መስመር ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መዳብ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ሲፒቪሲ 28 ያህል፣ ፔክስ ግን ከ7 ሴንቲ ሜትር በላይ። ጥብቅ አድርጎ የሚያስረው ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፤ ትንሽ ልል ካልተደረገ ይንኳኳል፣ መገጣጠሚያውንም ይጎትታል።

ሦስተኛ፣ ቱቦው ላይ የታተመውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 5306 ከሆነ፣ የመጀመሪያው 5 ሙቅ ውሃ ሁልጊዜ እየዞረበት ክሎሪኑን እንደሚቋቋም የተፈተነ ማለት ነው። ሁለተኛው 3 ፀሐይ ላይ ለስድስት ወር ያህል እንደሚታገሥ ይናገራል። 0 ከሆነ ያልተፈተነ ነው። ሱቁ ደጅ ፀሐይ ላይ ከርሞ ያገኛችሁትን አትውሰዱ።

ወዳጄ ጋ የወሰንነው እንዲህ ነው፤ ውስጡ በፔክስ፣ ከጋዝ ማሞቂያው የሚወጣው የመጀመሪያው 45 ሴንቲ ሜትርና አይጥ የሚደርስበት ቤዝመንት በመዳብ። ሲፒቪሲ አልተጠቀምንም፤ በውጭ ግድግዳው በኩል የሚያልፈው መስመር በክረምት ብርድ ያገኘዋል። የተባለውን መዳብ ሲቆጥር 15 ጫማ አልሞላም። እስኪወርድ ልጠብቅ ያለውም ያን ጊዜ ቀረ።