ከሙሽራው ራስ ላይ የበቀለው ምሰሶ

በቢቸና ከተማ አንድ ሙሽራ ካባውን ደርቦ በቆርቆሮ አጥር ፊት ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ታትሞ ሲወጣ፣ ከካባው ጥልፍ ይልቅ የተመልካቹን ዓይን የሚማርከው ከአናቱ እንደ ቀንድ ቀጥ ብሎ የወጣው የባሕር ዛፍ መብራት ምሰሶ ነው። ምሰሶው በእውነቱ ከሙሽራው ብዙ ርምጃ ርቆ የቆመ ቢሆንም፣ ሰው በሁለት ዓይኖቹ ቅርቡን ከሩቁ ሲለይ ካሜራ ባለ አንድ ዓይን ነውና ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ አጣብቆ ያስቀራቸዋል።

ይህን ምሰሶ መንቀል የሚፈልግ የፎቶ ቤት ባለሙያ በቅድሚያ ሊመረምር የሚገባው ምሰሶውን ሳይሆን ምሰሶው የቈረጣቸውን መስመሮች ነው። በዚህ ሥዕል ሦስት ናቸው፦ የአጥሩ ጫፍ፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ያለው የቤት ክዳን ጠርዝ፣ የሩቁም ተራራ አናት። በPhotoshop ባዶ ንብርብር ከላይ ይከፍታል፤ Clone Stamp የተባለውን መሣሪያ ይዞ Sample የሚለውን Current & Below ላይ ያደርጋል፤ በዚህም ዋናው ሥዕል ሳይነካ ይቀራል። ከዚያም Altን ተጭኖ በክዳኑ ጠርዝ ላይ ነቁጥ ይወስድና፣ ያንኑ ነቁጥ ከምሰሶው ማዶ በሚቀጥለው በዚያው ጠርዝ ተዳፋት ላይ በትክክል ያሳርፋል። አንድ ፀጉር ያህል ቢዛነፍ ክዳኑ የተሰበረ ይመስላል።

የቆርቆሮው አጥር ግን ከዚህ ይረቅቃል። ሽንተረሮቹ በእኩል ርቀት የተሰለፉ ስለሆኑ ምንጩ ከመድረሻው የሚርቀው በሙሉ ሽንተረር ቍጥር፣ ማለትም በሁለት ወይም በሦስት እንጂ በሁለት ተኩል ሊሆን አይችልም፤ አጥሩ ወደ ጥልቁ የሚሸሽም ከሆነ ሽንተረሮቹ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ ከቅርቡ የተቀዳው ጥቂት መጥበብ ይገባዋል። ለሰማዩ Healing Brush በቂ ነው፤ በፀጉሩ አጠገብ ግን ይኸው መሣሪያ ጥቁሩን ወደ ሰማዩ ስቦ እንደ ጥላሸት ያደርገዋልና፣ እዚያ ራሱን በምርጫ አጥሮ ወደ Clone Stamp መመለስና የፀጉሩን ዳር ከጎረቤቱ ጠርዝ መቅዳት ይሻላል።

በሞጣ በኩል በዛፍ ሥር በተነሡ ፎቶግራፎች ከራስ የሚበቅለው ቅርንጫፍ ነው። ከጀርባው ቅጠል ብቻ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ አንድን ቅጠል ሁለት ጊዜ አለመቅዳት ብቻ ይበቃል።

ብዙዎች የሚረሱት ሽቦውን ነው። ምሰሶው ሲጠፋ ሽቦዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ወይ እስከ ሥዕሉ ዳር መጥፋት፣ ወይ ዳግመኛ መያያዝ አለባቸው። የምሰሶው ጥላ በመሬት ላይ ተዘርግቶ እንደሆነም እርሱም ይነሣ። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉን አግድም መገልበጥ የተዛነፈውን መስመር ወዲያው ያጋልጠዋል። ምሰሶው የሸፈነው መስኮት ወይም ሌላ ሰው ከሆነ ግን በሥዕሉ ውስጥ የሚቀዳለት ምንጭ የለምና፣ ያን ጊዜ ያለው መድኃኒት ሙሽራው ካባውን ሳያወልቅ ግማሽ ርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ እንደገና መነሣቱ ነው።